ስሙን ከመስመሩ ጎን

የመስመር ግራፍ በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥን ነገር ለማሳየት ይሳላል። አግድሙ ዓመታትን ይይዛል፣ ቋሚው መጠኑን ይለካል፣ መስመሩ ደግሞ ከዓመት ዓመት የታየውን መውጣትና መውረድ ይከተላል። በሥዕሉ ላይ ያለው መስመር አንድ ብቻ ከሆነ ርዕሱ የምን እንደሆነ ስለሚናገር ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። መስመሮቹ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ሲሆኑ ግን አንባቢው የትኛው የምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ያሻዋል። አንዱ መንገድ በግራፉ ጎን ወይም ግርጌ ትንሽ መግለጫ ሳጥን አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ቀለም ስሙን መደርደር ነው፤ ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ሳጥን ሌጀንድ ይሉታል። ሌላው መንገድ ሳጥኑን ትቶ የእያንዳንዱን መስመር ስም እዚያው በመስመሩ ጎን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጫፉ ላይ መጻፍ ነው። ይህኛው ሠሪውን ጥቂት ያደክመዋል፤ አንባቢውን ግን ከብዙ ድካም ያድነዋል።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሳጥን ያለውን ግራፍ የሚያነብ ሰው ዓይኑ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይበቃል። አንባቢው መጀመሪያ አንድ መስመር ያያል። ቀለሙን በአእምሮው ይዞ ወደ ሳጥኑ ይሻገራል፤ እዚያ ከተደረደሩት ቀለሞች መካከል ያየውን የሚመስለውን ይፈልጋል፤ አጠገቡ የተጻፈውን ስም ያነባል። ከዚያ ስሙን ይዞ ወደ ግራፉ ይመለስና መስመሩን እንደገና ይፈልጋል። መስመሮቹ አምስት ከሆኑ ይህ ምልልስ አምስት ጊዜ ይደገማል። ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት ስለሆነም፣ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ስም ሲያገኝ የመጀመሪያው ይጠፋበታል፤ ስለዚህ ምልልሱ ከአምስትም ይበልጣል። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚያልፈው መረጃው ምን ይላል በሚለው ጥያቄ ላይ ሳይሆን፣ የቱ የቱ ነው በሚለው ላይ ነው።

በምልልሱ ላይ ስህተትም ይገባል። ቀለም በሰፊ ቦታ ላይ ሲቀባ በቀላሉ ይለያል፤ በቀጭን መስመር ላይ ሲሆን ግን ልዩነቱ ይደበዝዛል። ሁለት ሰማያዊዎች፣ ወይም ብርቱካናማና ቀይ፣ በሳጥኑ ውስጥ ጎን ለጎን ሲታዩ የተለያዩ ናቸው፤ በግራፉ ላይ ተራርቀው ሲታዩ ግን አንዱ እንደ ሌላው ሊነበብ ይችላል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያዳግታቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ከአውሮፓ ዝርያ ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፣ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ መጠኑ ይለያያል። ሰነዱ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ወይም በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ሁሉም አንባቢ ከእነርሱ ጋር እኩል ይሆናል፦ ሳጥኑ አለ፣ ስሞቹ አሉ፣ ስሞቹን ከመስመሮቹ ጋር ያያያዘው ቀለም ግን የለም።

ስሙን በመስመሩ ላይ መጻፍ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የስኮትላንድ ተወላጁ ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ለንደን ውስጥ ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ፣ እንግሊዝ ከዴንማርክና ከኖርዌይ ጋር ከ1700 እስከ 1780 ያደረገችውን ንግድ በሁለት መስመሮች አሳይቷል። የገቢ ዕቃው መስመር የገቢ ዕቃ መስመር መሆኑ፣ የወጪውም እንዲሁ፣ እዚያው በመስመሩ ርዝመት ላይ ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም ሚዛኑ መቼ ለእንግሊዝ፣ መቼ በእንግሊዝ ላይ እንዳደላ በራሱ ላይ ይናገራል። በዚያ ዘመን ግራፍ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በእጅ ይቀረጽ ስለነበር ለቀራጩ ስሙን የትም ቢጽፍ ድካሙ ያው ነው፤ ባዶ ቦታ የት እንዳለም በዓይኑ ያያል። የዛሬው ሶፍትዌር ግን ሠንጠረዥ ሲሰጠው መስመሮቹ የት እንደሚያልፉና የት እንደሚጠላለፉ አስቀድሞ ሳያመዛዝን፣ ስሞቹን ከመንገድ ዘወር አድርጎ በሳጥን ይሰበስባቸዋል። ስለዚህ ሳጥኑ የተለመደው ለአንባቢ ስለሚመች ሳይሆን ለፕሮግራሙ ስለሚቀል ነው። ሠሪው በዝምታ ከተቀበለው የፕሮግራሙን ችግር ለአንባቢ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

ጉዳዩን በእውነተኛ ቁጥር ለማየት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ዳሰሳው እ.ኤ.አ. በ2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 ተካሂዷል፤ ከሚሰጣቸው መረጃዎች አንዱ ከዳሰሳው በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት የታየው የሕፃናት ሞት ነው። ከአንድ ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት በአራቱ ዳሰሳዎች በቅደም ተከተል 166፣ 123፣ 88 እና 67 ነበሩ። አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት 97፣ 77፣ 59 እና 48 ናቸው። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሞቱት ደግሞ 49፣ 39፣ 37 እና 29 ናቸው። ሦስቱም መስመሮች ይወርዳሉ፤ የሚወርዱበት ፍጥነት ግን አንድ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያለው ሞት በ60 በመቶ ገደማ ሲቀንስ የመጀመሪያው ወር ሞት በ41 በመቶ ገደማ ብቻ ቀንሷል፤ ከ2005 እስከ 2011 ደግሞ ከ39 ወደ 37 ብቻ ወርዶ ቆሟል ማለት ይቻላል። በዚህም የተነሳ በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት ውስጥ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሦስት እጅ ከአሥር ገደማ የነበሩ ሲሆን፣ በ2016 ከአራት እጅ በላይ ሆነዋል። ይህን ግራፍ የሚያይ ሰው ማየት ያለበት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ትልልቆቹ ሕፃናት ሲተርፉ፣ አዲስ የተወለዱት በዚያው ልክ አልተረፉም።

እንዲህ ያሉ ዳሰሳዎች ሠንጠረዦቻቸውን በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው የሚያዘጋጁት። የመጀመሪያው ወር ይቀድማል፣ ከአንድ ዓመት በታች ይከተላል፣ ከአምስት ዓመት በታች መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሠንጠረዡ እንዳለ ወደ ኤክሴል ሲገባና የመስመር ግራፍ ሲሠራበት፣ ፕሮግራሙ ሳጥኑ በቀኝ በኩል እንዲሆን ሲደረግ ስሞቹን በውስጡ በዚያው ተራ ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። በግራፉ ላይ ግን ተራው ተገልብጧል፦ ከሁሉ በላይ የሚሄደው ከአምስት ዓመት በታች ያለው መስመር ነው፣ ከሁሉ በታች ያለው የመጀመሪያው ወር። ከላይ የሚታየው መስመር ስሙ በሳጥኑ ግርጌ፣ ከታች ያለው መስመር ስሙ በሳጥኑ አናት ላይ ይገኛል። ችኩል አንባቢ፣ በተለይም በፎቶ ኮፒ የሚያነብ፣ የላይኛውን ስም ለላይኛው መስመር ይሰጥና ትርጉሙን ገልብጦ ይዞ ይሄዳል፤ የጨቅላ ሕፃናት ሞት እጅግ በፍጥነት ቀነሰ ብሎ ይደመድማል። ቁጥሮቹ ትክክል፣ ስሞቹ ትክክል፣ ግራፉም ትክክል ሆኖ ሳለ የተረዳው ነገር ስህተት ነው።

ስሞቹ በመስመሮቹ ጫፍ ላይ ሲጻፉ ይህ መገልበጥ ሊደርስ አይችልም፤ ስሙን ያስቀመጠው የመስመሩ ከፍታ ራሱ ስለሆነ ነው። ቀኝ ጫፍ የሚመረጠውም በምክንያት ነው። አንባቢ ግራፍን ከግራ ወደ ቀኝ ሲከተል ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ የቅርቡ ዓመት ቁጥር፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ቁጥር፣ እዚያ አለ፤ ከመጨረሻው ነጥብ ወዲያ ያለው ቦታም ባዶ ስለሆነ ጽሑፉ የሚሸፍነው መስመር የለም።

ስሞቹ ቦታ ይበቃቸው እንደሆነ ከመሳሉ በፊት ማስላት ይቻላል። የግራፉ ቋሚ ከ0 እስከ 180 ሆኖ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ሞት፣ አንድ ሚሊ ሜትር 2 ሞት ይሆናል። በ9 ፖይንት የተጻፈ ፊደል ከፍታው 3 ሚሊ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ሁለት ስሞች አንዱ ከሌላው በላይ ሳይጣበቁ እንዲነበቡ ከመሐል እስከ መሐል 4 ሚሊ ሜትር መተው ጥሩ ነው። 4 ሚሊ ሜትር በዚህ ግራፍ ላይ 8 ሞት ነው። ስለዚህ በቀኝ ጫፋቸው ከ8 በላይ የሚራራቁ መስመሮች ስማቸውን ያለ ምንም ችግር ይይዛሉ። የሦስቱ መስመሮች ጫፍ 67፣ 48 እና 29 ነው፤ በየመካከላቸው 19 አለ፣ ይኸውም ወደ 10 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ነው። ስሞቹ እንደ ልብ ይቀመጣሉ፤ ከየስሙ ኋላ ቁጥሩን ለመጨመርም ቦታ ይተርፋል።

ስሞቹ አጭር መሆን አለባቸው። በሪፖርቱ ላይ ያለው ሙሉ መጠሪያ፣ ለምሳሌ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የሞት መጠን ከአንድ ሺህ በሕይወት የተወለዱ፣ በመስመር ጫፍ ላይ አይሰፍርም፤ መስፈርም የለበትም። ሦስቱም የሚጋሩት ክፍል፣ ማለትም የሕፃናት ሞት መሆኑና ከአንድ ሺህ መቆጠሩ፣ በርዕሱ ላይ አንድ ጊዜ ይነገራል። በመስመሮቹ ላይ የሚቀረው አንዱን ከሌላው የሚለየው ብቻ ነው፦ «ከ5 ዓመት በታች»፣ «ከ1 ዓመት በታች»፣ «የመጀመሪያው ወር»። ርዕሱና ስሞቹ እንዲህ ሥራ ሲከፋፈሉ የግራፉ ጽሑፍ በሳጥን ከሚጻፈው እንኳ ያንሳል።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው መስመሮች ሲቀራረቡ ነው፤ ይኸው ዳሰሳ ለዚህም ምሳሌ ይሰጣል። ሪፖርቱ ከሦስቱ ሌላ ሁለት መለኪያዎች አሉት። አንዱ ከመጀመሪያው ወር በኋላ እስከ አንድ ዓመት ያለው ሞት ሲሆን 48፣ 38፣ 22 እና 19 ነው። ሌላው አንድ ዓመት ከደረሱት አንድ ሺህ ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ሲሆን 77፣ 50፣ 31 እና 20 ነው። አምስቱም በአንድ ግራፍ ላይ ቢሳሉ የቀኝ ጫፎቹ 67፣ 48፣ 29፣ 20 እና 19 ይሆናሉ። ከ29 እስከ 20 ያለው 9 ስለሆነ ለጥቂት ያልፋል። በ20 እና በ19 መካከል ያለው ግን አንድ ሞት፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ስሞች አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋሉ።

ስሞቹን ወደ ግራ ጫፍ ማዛወር መፍትሔ ይመስላል። በ2000 ያሉት ነጥቦች ግን 166፣ 97፣ 77፣ 49 እና 48 ናቸው፤ እዚያም ሌላ ግጭት አለ። ከወር እስከ ዓመት ያለው መስመር ሲነሳ ከመጀመሪያው ወር ጋር ተጣብቆ ይነሳል፤ ሲያበቃ ከ1 እስከ 5 ዓመት ካለው ጋር ተጣብቆ ያበቃል። አምስቱም ስሞች ያለ ችግር የሚያርፉበት አንድ ጫፍ የለም።

የሚቻለው አንድ ነገር ስሞቹን ሁሉ በአንድ ጫፍ የማድረግን ሐሳብ መተው ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው መስመር በ2000 እና በ2005 መካከል ከ77 ወደ 50 ሲወርድ ብቻውን ነው የሚሄደው። በዚያ ክፍል አጋማሽ ላይ መስመሩ 63 አካባቢ፣ ከበላዩ ያለው 87 አካባቢ ስለሆነ በመካከላቸው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ አለ። ስሙ እዚያ፣ ከራሱ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ የቀሩት አራቱ በቀኝ ይቆያሉ። ጽሑፉ ግን ከመስመሩ ጋር አብሮ ማዘንበል የለበትም። የግዕዝ ፊደል አንዱ ከሌላው የሚለየው በጎን በሚቀጠሉ ትንንሽ ምልክቶች ስለሆነ ተጋድሞ ሲጻፍ ለማንበብ ይከብዳል። ስሙም ከሁለቱ መስመሮች መሐል ሳይሆን በግልጽ ወደ ራሱ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት፤ እኩል ርቀት ላይ የተቀመጠ ስም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛው አማራጭ ስሞቹን በቀኝ ጫፍ አቆይቶ ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው። ከታች ያሉት ሦስት ስሞች በ29፣ በ20 እና በ19 ከፍታ ፈንታ በ32፣ በ24 እና በ16 ከፍታ ቢጻፉ በየመካከላቸው የሚያስፈልገው 8 ይገኛል፤ በ48 ያለው ስምም አይነካም። የተደረገው እንቅስቃሴ ላንዱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ለሁለቱ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ዓይን ስሙን ከመስመሩ ጋር ማያያዙን አይተውም። ስሙ ሲርቅ ግን ከነጥቡ እስከ ስሙ ቀጭን ግራጫ ጭረት መሳብ ያስፈልጋል። ስሙ ከትክክለኛ ከፍታው ስለተነሳ ቁጥሩን አብሮ መጻፍም ይጠቅማል፤ «ከ1 እስከ 5 ዓመት፣ 20» የሚለውን ያነበበ ሰው የስሙን ከፍታ በቋሚው ላይ አይለካም። የማይጣስ ነገር ቢኖር የስሞቹ ተራ ነው። ከላይ መጥቶ የተገናኘው መስመር ስሙ ከላይ፣ ከታች የመጣው ከታች መሆን አለበት። ተራው ከተጠበቀ ቀለም በጠፋበት ቅጂ ላይ እንኳ አንባቢው ሁለቱን መስመሮች ወደ ኋላ ተከትሎ ይለያቸዋል።

ሦስተኛው አማራጭ አምስቱ መስመሮች በአንድ ላይ መኖር ይገባቸው እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ከአምስት ዓመት በታችና ከአንድ ዓመት በታች የሚሉት ጥቅል ቁጥሮች ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ የእነርሱ ክፍሎች ናቸው። ጥቅልና ክፍል በአንድ ሥዕል ላይ ሲደባለቁ አንባቢው አንዱን ሞት ሁለት ጊዜ እያየ መሆኑን አያውቅም። ለስም ቦታ መጥፋቱ አንዳንዴ ግራፉ ከአንድ በላይ ጥያቄ መሸከሙን ያሳያል፤ ሳጥን ቢኖር ኖሮ ይህ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ስሙን በመስመሩ ቀለም መጻፍ ግንኙነቱን ያጠነክረዋል። ይሁን እንጂ ለመስመር የሚበቃ ቀለም ለፊደል ላይበቃ ይችላል። ለድረ ገጽ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መመሪያ ለሥዕል መስመሮች ከጀርባቸው ጋር ቢያንስ ሦስት ለአንድ የሆነ የብርሃን ልዩነት ሲጠይቅ፣ ለተራ ጽሑፍ አራት ተኩል ለአንድ ይጠይቃል። ቢጫና ፈዛዛ ሰማያዊ በነጭ ወረቀት ላይ እንደ ወፍራም መስመር ይታያሉ፣ እንደ ጽሑፍ ግን አይነበቡም። ለስሙ ያንኑ ቀለም አጥቁሮ መጠቀም ወይም ፊደሉን ጥቁር አድርጎ ከጎኑ ያለውን የመስመር ጫፍ በነጥብ ማድመቅ ይቻላል። የአማርኛ ጽሑፍ ከ8 ፖይንት በታች ሲወርድ ግዕዙን ከካዕቡና ከሣልሱ የሚለዩት ቅጥያዎች ስለሚደፈኑ መጠኑን ከዚያ በታች ማድረግ አይገባም። አንዳንድ የግራፍ ፕሮግራሞች ደግሞ የሚነሱበት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ በስሙ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ችግሩ ይህ ነውና «Noto Sans Ethiopic» ወይም «Abyssinica SIL» የመሳሰለ ፎንት መምረጥ ይፈውሰዋል።

ሥራው በኤክሴል ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። መስመሩ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሙሉው ይመረጣል፤ ከዚያ የመጨረሻውን ነጥብ እንደገና ሲጫኑ ያ ነጥብ ብቻውን ይመረጣል። በቀኝ የማውዝ ቁልፍ ከሚከፈተው ዝርዝር «Add Data Label» ሲባል የነጥቡ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን በቀኝ ቁልፍ ነክቶ «Format Data Label» ሲከፈት «Series Name» የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ቁጥሩ የማይፈለግ ከሆነ «Value» ላይ ያለው ምልክት ይነሳል፤ የስሙ ቦታ «Right» ይሆናል። ሁሉም መስመሮች እንዲህ ከተሰየሙ በኋላ ሳጥኑ ተመርጦ ይሰረዛል። ብዙዎች የሚዘነጉት የመጨረሻውን እርምጃ ነው፦ በቀኝ የነበረ ሳጥን ሲሰረዝ ግራፉ ቦታውን ሊወርስ ወደ ቀኝ ይለጠጣል፤ ስሞቹም ይቆረጣሉ ወይም መስመሩ ላይ ይወጣሉ። መስመሮቹ የተሳሉበትን ክፍል ቀኝ ጠርዙን ይዞ ወደ ግራ በመግፋት ረጅሙ ስም የሚያርፍበት ቦታ መተው ያስፈልጋል። ዓመታቱ እንደ ቃል ከገቡ ደግሞ ፕሮግራሙ 2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016ን በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል፤ መካከለኛው ስድስት ዓመት ስለሆነ ርቀቱ መስተካከል አለበት።

በዚህ ዓይነት የተጻፈ ስም ከአንድ ነጥብ ጋር የታሰረ ነው። ሌላ ዳሰሳ ወጥቶ አዲስ ዓመት ቢጨመር መስመሩ ይቀጥላል፣ ስሙ ግን በ2016 ነጥብ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ግራፉን እንደገና በዓይን ማየት የግድ ነው። በየወሩ ራሱን የሚያድስ ግራፍ ከሆነ ደግሞ ዛሬ የተራራቁት ጫፎች በሚቀጥለው ወር ሊገናኙ ይችላሉ። እንዲህ ላለው የስሞቹ ቦታ በፕሮግራም መሰላት አለበት፤ ጫፎቹ በቁጥራቸው ተራ ይደረደራሉ፣ ከሚፈለገው ርቀት በታች የቀረቡት እኩል ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋሉ፣ ግፊቱ ሌላ ስም ከነካ ሦስቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። የፓይተንና የአር ቋንቋ ተጠቃሚዎች ይህን የሚሠሩ ዝግጁ መሣሪያዎች አሏቸው።

የመስመሮቹ ቁጥር ሲበዛ ግን ስም ማንቀሳቀስም አያድንም። የ2016ቱ ዳሰሳ መረጃውን ለዘጠኝ ክልሎችና ለሁለት የከተማ አስተዳደሮች ለይቶ ይሰጣል። አሥራ አንዱ መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ ቢሳሉ ይጠላለፋሉ፤ አሥራ አንድ ስም በጫፍ ላይ አይሰፍርም፣ አሥራ አንድ ቀለም ያለበት ሳጥንም ከዚያ የባሰ ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ አንድ ወይም ስለ ሁለት ክልል ከሆነ እነርሱን በደማቅ ቀለም ስሎና ሰይሞ የቀሩትን በፈዛዛ ግራጫ ያለ ስም መተው ይበቃል፤ ግራጫዎቹ በጥቅሉ ሌሎች ክልሎች መሆናቸው አንድ ጊዜ ይጻፋል። ሁሉም እኩል የሚፈለጉ ከሆነ አሥራ አንድ ትንንሽ ግራፎች በአንድ ዓይነት መለኪያ ጎን ለጎን ይሳላሉ፣ የክልሉ ስም በየራሱ ግራፍ አናት ላይ ይሆናል።

ሳጥኑ ሥራ የሚያገኝባቸው ቦታዎችም አሉ። በእያንዳንዱ ትንሽ ግራፍ ውስጥ ሁለት መስመሮች፣ ለምሳሌ ወንድና ሴት፣ ቢደጋገሙ ስሞቹን አሥራ አንድ ጊዜ መጻፍ ገጹን ያጨናንቃል፤ በመጀመሪያው ግራፍ ላይ ሰይሞ ሌሎቹን መተው ወይም ከላይ አንድ መግለጫ ማኖር ይሻላል። በየቀኑ ደጋግመው የሚሻገሩ መስመሮች፣ እንደ ገበያ ዋጋ ያሉት፣ አንዳንዴ ለስም የሚሆን አንድም ባዶ ቦታ አይተዉም። የተቆራረጠ መስመር ትንበያን፣ ሙሉው ደግሞ የተለካውን ሲያመለክትም ያ ምልክት ለሁሉም መስመሮች ስለሚሠራ በአንድ ቦታ መገለጹ ትክክል ነው። ሳጥኑ የግድ በሚሆንበት ጊዜ በግርጌ ሳይሆን በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ስሞቹም በሠንጠረዡ ተራ ሳይሆን መስመሮቹ በቀኝ ጫፍ ባላቸው ተራ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። በኤክሴል ይህን ለማድረግ ግራፉን በቀኝ ቁልፍ ነክቶ «Select Data» የሚለውን ከፍቶ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል በቀስቶቹ መለወጥ ይበቃል።